ሹሩባ የሚሠራ ፀጉርና ኬሞ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ለጡት ካንሰር ከሚሰጡ የኬሞ መድኃኒቶች መካከል ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ አንድ ላይ ሲሰጡ ፀጉር መርገፉ አይቀርም ማለት ይቻላል። ከእነሱ ቀጥሎ የሚሰጠው ፓክሊታክሴልም ፀጉር ያረግፋል። ስለዚህ ጉዳይ የሚታደሉ ወረቀቶች አብዛኞቹ ቀጥ ያለና ስስ ፀጉርን አስበው የተጻፉ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ጥቅጥቅ ያለ፣ የተጠቀለለና ሹሩባ የለመደ ፀጉር ላላቸው ነው።

ፀጉሩ ሳይረግፍ የራስ ቆዳ ያማል

ከመጀመሪያው ኬሞ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ትራስ ሲነካው እንኳ የሚያም ጭንቅላት የተለመደ ነው። የፀጉር ሥር ሕዋሳት በፍጥነት ስለሚባዙ መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲመታ እነሱንም ይመታል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ መርገፉ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚጀምር ያሳያል።

በዚህ ጊዜ ሹሩባ ካለ መፍታት ያስፈልጋል። ከሥሩ የተነቀለው ፀጉር ሹሩባው ውስጥ እንደተያዘ ስለሚቀር ከቀሪው ጋር ይተበተብና በሚዶ የማይፈታ ጓል ይሆናል። ኬሞ ሲሰጥ ፀጉር እንዳይረግፍ የሚጠለቀውን ማቀዝቀዣ ቆብ ለማድረግ ላላሰቡ ከመርገፉ በፊት አሳጥሮ መቆረጥ ሕመሙንም ትብትቡንም ያቃልላል። መቁረጫው ማሽን ይሁን እንጂ ምላጭ አይሁን፤ ኬሞ ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚቀንስ ትንሽ ጭረት እንኳ የኢንፌክሽን በር ይሆናል።

የራስ ቆዳ ይደርቃል፣ ያሳክካል፣ ሽፍታ ይወጣል

ለድርቀቱ ሽታ የሌለው ለስላሳ ሻምፑ፣ ለብ ያለ ውሃና ሽታ የሌለው ቅባት በስሱ ይበቃል። ቅቤ መቀባት ያደግንበት ቢሆንም በእነዚህ ወራት ባይደረግ እመርጣለሁ፤ ወፍራም ቅባት የፀጉር ቀዳዳዎችን ይደፍናል፣ የቤት ቅቤም ከጀርም የጸዳ ለመሆኑ ዋስትና የለውም። ሻሽ ከጥጥ ወይም ከሐር ቢሆን አይፈገፍግም። ፀሐይ ላይ ግን ራስ ሳይሸፈን አይወጣም።

መግል የቋጠረ ሽፍታ ለሐኪም ይታይ። የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ ሽፍታ ኖረም አልኖረም፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

ማቀዝቀዣ ቆብ ተደርጎ መሐል አናት ላይ ተመለጠ

ቆቡ የራስ ቆዳን ሲያቀዘቅዝ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ወደ ፀጉር ሥር የሚደርሰው መድኃኒት ይቀንሳል። በ2017 በአሜሪካ በወጣ የጡት ካንሰር ጥናት ቆብ ካደረጉት ግማሽ ያህሉ ቢያንስ ግማሽ ፀጉራቸውን አቆይተዋል፤ ካላደረጉት አንዲትም አላቆየችም። ዶክሶሩቢሲንን በመሳሰሉ መድኃኒቶች ግን ውጤቱ ፓክሊታክሴልን ከመሳሰሉት በጣም ያነሰ ነበር። ሉኪሚያና ሊምፎማን ለመሰሉ የደም ካንሰሮች ቆቡ አይመከርም።

ውጭ አገር የምትታከም፣ ቆብ የተፈቀደላት አንዲት ሴት ትኑር እንበል። ፀጉሯ ወፍራም ነው፤ አናቷ ላይ ጠቅልላ አስራው ቆቡን አጠለቀች። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ጎንና ጎኑ ሲቀር መሐሉ ተመለጠ። ቦታው ራሱ ምክንያቱን ይናገራል፤ ቆቡ እዚያ ላይ ቆዳዋን አልነካም። በቆቡና በቆዳው መካከል የገባ ፀጉርና አየር ቅዝቃዜውን እንደ ብርድ ልብስ ያግደዋል። የጥቁር ሴቶች ውጤት በጥናቶች ዝቅ ብሎ ከታየባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የመግጠም ችግር እንደሆነ ይታሰባል።

መፍትሄው አናት ላይ የተከመረውን ማስወገድ ነው። ፀጉሩን በውሃና በኮንዲሽነር በደንብ አርጥቦ፣ ወደ ኋላ አስተኝቶ፣ አስፈላጊ ከሆነ ሳይጠብቅ በስሱ ጎንጉኖ ከራስ ቅል ጋር ማጣበቅ። ሰው ሠራሽ ፀጉር አስቀድሞ ይፈታል። ቆቡ ሲጠልቅ ነርሷ አናቱን በእጇ ጫን ብላ ክፍተት አለመኖሩን ታረጋግጥ፤ ቆቡ ሰፊ ከሆነ በትንሽ ቁጥር ይለወጥ። መድኃኒቱ ከመጀመሩ 30 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይደረጋል፤ ካለቀም በኋላ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለረጅም ጊዜ፣ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ፣ ይቆያል። ከቅዝቃዜው የሚመጣው የራስ ምታት የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ጊዜው ካለቀ በኋላም ቆቡ ቀዝቃዛ እንደሆነ አይጎተት፤ የተጣበቀ ፀጉር ይዞ ይነቀላልና ትንሽ እስኪሞቅ ይጠበቅ።

የተመለጠው ቦታ በቀሪዎቹ ዙሮች ላይሞላ ይችላል፤ ማስተካከሉ በዋናነት የሚጠቅመው የቀረውን ለማዳን ነው።

አዲሱ ፀጉር የእኔ አይመስልም

ኬሞ ካለቀ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ እንደ ሕፃን ፀጉር የለሰለሰ ይበቅላል፤ ከዚያ በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። ቀጥ ያለው ሊጠቀለል፣ የተጠቀለለው ሊለሰልስ፣ ሽበትም ሊወጣ ይችላል። ፀጉር የሚሠሩትና ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ገና ስላላገገሙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ገደማ ወደ ቀድሞው ይጠጋል። እስከዚያ ማለስለሻ ኬሚካል፣ ቀለምና የሚጎትት ሹሩባ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆዩ፤ አዲሱ ፀጉር ከሥሩ በቀላሉ ይነቀላል።

ስድስት ወር አልፎም የበቀለው ከሳሳ፣ በተለይ ዶሴታክሴል የተባለውን የኬሞ መድኃኒት ለወሰዱ፣ መድኃኒቱ የተወው ዘላቂ መሳሳት ሊሆን ይችላል። ሆርሞን የሚያግዱ እንክብሎችም ያሳሳሉ። የታይሮይድና የብረት መጠን ምርመራ ተደርጎ የቆዳ ሐኪም ይየው፤ ሚኖክሲዲል የተባለው ፀጉር የሚያበቅል መድኃኒት የሚረዳቸው ሴቶች አሉ፤ የሚጀመረው ግን የካንሰር ሐኪሙ ካወቀ በኋላ ነው።