በጋራ የግንባታ ቦታ ላይ የንዑስ ተቋራጭ ሠራተኛ ሲጎዳ ለማን ማሳወቅ እንደሚገባ

ጅማ ውስጥ በአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ግንባታ ላይ የዋናው ተቋራጭ መዝገብ ያዥ ሆኜ ስሠራ፣ በግንቦት ወር አንድ ጠዋት የኤሌክትሪክ ረዳት የሆነ ልጅ ከመወጣጫ ላይ ወደቀ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጣውላው ሁሉ ረጥቧል። ልጁ የረገጠው ጣውላ ደግሞ አንድ ጫፉ አልታሰረም ነበር፤ ለሳኞቹ ማሰሪያ ሽቦውን ፈትተው ለሌላ ቦታ ወስደውታል። በአሸዋ መኪና ሆስፒታል አደረስነው። የግራ እጁ አንጓ ተሰብሯል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ይህን ያስጻፈኝ። ፎርማናችን «ለኤሌክትሪኩ ተቋራጭ በስልክ ነግሬዋለሁ፤ የእሱ ሰው ነው» ብሎ ፋይሉን ዘጋ። የኤሌክትሪኩ ተቋራጭ በበኩሉ «ሳይቱ የእነሱ ነው፤ የሚያሳውቁት እነሱ ናቸው» ብሎ ተቀመጠ። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ልጁ የሕክምና ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ፣ አደጋው በአንድም መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ለአንድም መሥሪያ ቤት አልተጻፈም።

እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ ላስረዳ።

በመጀመሪያው ሰዓት

የመጀመሪያ እርዳታ መስጠትና የተጎዳውን በተስማሚ መጓጓዣ ቅርብ ወዳለ የሕክምና ተቋም ማድረስ በሕግ የአሠሪው ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ የአሠሪው ተወካይ ሳይቱ ላይ ከሌለ ቅርብ ያለው ሰው ያደርሰዋል፤ ወጪው የማን ነው የሚለው በኋላ ይታያል። አብሮት የሚሄደው ሰው አንድ ነገር መርሳት የለበትም፦ ሐኪሙ «ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በሥራ ላይ እንዳለ ከመወጣጫ መውደቁ በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ። እኛ አብሮት የላክነው ሰው ፈርቶ «ወደቀ» ብቻ ብሎ ነበር፤ ካርዱም «መውደቅ» ይላል እንጂ የት እንደሆነ አይልም። ይህን ለማስተካከል ሁለት ጊዜ ተመላልሰናል።

ሳይቱ ላይ የቀረው ሰው ደግሞ ቦታውን በገመድ ይከልል፤ ጣውላውን ሳያነሳ ፎቶ ያንሳ። ማታ ለሳኞቹ ሥራ ሲጨርሱ ጣውላው ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀልና የትኛው እንደነበር የሚያውቅ ይጠፋል። ሰው ከሞተ ግን ፖሊስ ሳይመጣ ምንም ነገር አይነካም።

ሦስቱ ጥያቄዎች

በሳይት ላይ ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው «የማን ሰው ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

አንደኛው፣ ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው? በእኛ ጉዳይ የኤሌክትሪኩ ንዑስ ተቋራጭ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ የደረሰ አደጋን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። ዋናው ተቋራጭ ቢያሳውቅም ይህ ግዴታ ከአሠሪው ላይ አይወርድም። የቀን ሠራተኛ መሆኑም ነገሩን አይለውጠውም። የጽሑፍ ውል ከሌለ የክፍያ ፊርማ ወረቀት፣ ወይም በየዕለቱ ስም የሚጠራበት ደብተር አሠሪው ማን እንደሆነ ያሳያል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ቅጂ ይያዝ።

ሁለተኛው፣ አደጋው የደረሰበትን ቦታ የሚቆጣጠረው ማን ነው? ሳይቱን የሚያስተዳድረው ዋናው ተቋራጭ ስለሆነ በራሱ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ውሉ የሚያዝ ከሆነም ለአማካሪ መሐንዲሱ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ በአማካሪው በኩል የሕንፃው ባለቤት ይሰማል። በብዙ የግንባታ ውሎች ውስጥ ይህ አንቀጽ አለ፤ ጊዜውም እዚያው ላይ የተወሰነ ሊሆን ስለሚችል ውሉን ገልጦ ማየት ነው።

ሦስተኛው፣ የጎዳው ነገር የማን ነው? መወጣጫው የዋናው ተቋራጭ ነው፤ ማሰሪያውን የፈቱት ደግሞ በእጅ ዋጋ የሚሠሩት የለሳኞች ቡድን ናቸው። እነርሱም መስማት አለባቸው፤ የሚነገራቸው ሊወቀሱ ሳይሆን፣ ሌሎቹን ጣውላዎች በዚያው ሰዓት እንዲያስሩ ነው። የጎዳው ተሽከርካሪ ቢሆን ኖሮ ፖሊስና የመኪናው ኢንሹራንስ ይጨመሩ ነበር።

ኢንሹራንስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዋናው ተቋራጭ የገባው የሠራተኞች ጉዳት ዋስትና ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው የራሱን ሠራተኞች ብቻ ነው። የሌላ ተቋራጭ ሠራተኛ በዚያ ፖሊሲ ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ በሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ፖሊሲ በኩል ግን ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ተቋራጮች እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ኢንሹራንስ ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። ማስታወቂያው ዘግይቶ ከደረሰ ኩባንያው ክፍያውን ለመቃወም ምክንያት ያገኛል።

ወረቀቱ ምን ይላል

እኛ ዘግይተን ከጻፍነው ደብዳቤ ዋናው ክፍል ይህን ይመስላል፦

«ግንቦት 14 ቀን ከጠዋቱ 4፡20 ገደማ፣ በሁለተኛው ፎቅ ምሥራቃዊ ጎን፣ የኤሌክትሪክ ንዑስ ተቋራጩ ረዳት ሠራተኛ የሽቦ ቱቦ ለመቅበር በመወጣጫ ላይ ሲራመድ የረገጠው ጣውላ ተንሸራቶ 2 ሜትር ተኩል ከሚሆን ከፍታ ወደቀ። ጣውላው እርጥብ ነበር፤ የሰሜን ጫፉ አልታሰረም። የግራ እጁ አንጓ መሰበሩን ሐኪም ገልጿል። ሁለት ሰዎች አይተዋል፤ ቃላቸው ተያይዟል።»

ፎርማኑ «በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ሐረግ ሊጨምር ፈልጎ ነበር። አላስገባሁትም። በሕጉ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ነፃ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ካደረሰ ነው። በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ተራ መዘናጋት ግን አሠሪውን አያድነውም። እንዲህ ያለ ሐረግ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ከገባ ግን በኋላ ሁሉም የሚጠቅሰው እሱን ብቻ ነው።

ጅማ የኦሮሚያ ከተማ ስለሆነች የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ላለበት የከተማው ጽሕፈት ቤት የሚገባው ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል፤ ለኢንሹራንሱና ለአማካሪው ደግሞ ሌላ ቋንቋ ሊያስፈልግ ይችላል። ሲተረጎም ሰዓቱና ከፍታው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። እኛ በአንዱ ላይ 4፡20፣ በሌላው ላይ 10፡20 ብለን ጽፈን፣ ሁለት አደጋ የደረሰ አስመስለነው ነበር። የተጎዳው ሰው ቃሉን ሲሰጥም በሚናገርበት ቋንቋ ይነበብለት፤ መፈረም ካልቻለ አሻራውን ያኑር።

ለእያንዳንዱ ተቀባይ በሁለት ቅጂ ይወሰድ፤ አንዱ ተቀባዩ ዘንድ ይቀራል፣ ሁለተኛው የገቢ ማኅተምና ቀን ተመትቶበት ይመለሳል። በስልክ ነግሬያለሁ የሚለው ሰው ይህ ወረቀት የለውም።

ንዑስ ተቋራጩ «አላውቀውም» ሲል

የኤሌክትሪኩ ተቋራጭ ልጁን «ለሦስት ቀን ብቻ የመጣ ነው» ብሎ ሊያወጣው ሞከረ። ዋናው ተቋራጭ በዚህ ጊዜ የአሠሪውን ቦታ መውሰድ አይጠበቅበትም፤ የራሱን ምዝገባ ጨርሶ ያለውን ማስረጃ ለተቆጣጣሪው ይሰጣል። እኛ ያቀረብነው የበር ጥበቃው የገቢና ወጪ ደብተር ነበር፤ የልጁ ስም በ19 የተለያዩ ቀናት ተጽፎበታል። ተቋራጩ ደብተሩን አይቶ ዝም አለ። በሳምንቱም ሕክምናውንና፣ ልጁ ሥራ ላይ ላልዋለበት ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሕጉ ሙሉ መሆን የሚገባውን ደመወዙን መክፈል ጀመረ።