ደም ሲፈስ ሰውነት ግፊቱን እንዴት ይዞ ይቆያል? «ግፊቱ ደህና ነው» ሲባል ምን እናያለን?

ደም ከፈሰሰው ሰው አጠገብ «ግፊቱ ደህና ነው» ሲባል ስሰማ ደስ አይለኝም። ማሽኑ ተሳስቶ አይደለም። ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን ቁጥሩ ደህና የሆነው ሰውነት ከውስጥ እየታገለ ስለያዘው ሊሆን ይችላል። አንድ ሊትር ገደማ ደም የጎደለበት ጤነኛ ወጣት፣ ላይኛው ግፊቱ ብዙም ሳይነካ ሊያወራችሁ ይችላል። ትግሉ ሲያልቅበት ግን ግፊቱ በአንዴ ይወርዳል።

ስለዚህ ግፊቱን ብቻ ሳይሆን ትግሉን ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ሰዓት፣ ሁለት ጣትና፣ ካለ፣ የግፊት መለኪያ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ይቅደም። ደም እየፈሰሰ ከሆነ መቁጠሩ ይቆይ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ በየደቂቃው እያነሳችሁ አትዩ። ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ሰውየውን አስተኙት፣ አልብሱት፣ የሚጠጣም የሚበላም አትስጡት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እጃችሁ ቁስሉ ላይ ከሆነ በኋላ የሚደረግ ነው።

1. ግፊቱን ማን እንደሚጠብቀው እወቁ

ከማንቁርታችሁ ጎን፣ በግራም በቀኝም፣ ወደ አንጎል የሚወጣ ትልቅ ደም ቅዳ አለ። ይህ ቧንቧ ከማንቁርት የላይኛው ጠርዝ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። መክፈያው ላይ ትንሽ ያበጠ ቦታ አለ፤ ግድግዳው ውስጥ መለጠጥን የሚያውቁ የነርቭ ጫፎች ተሰግስገዋል። ባሮሪሴፕተር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ተመሳሳዮቻቸው ከልብ በሚወጣው ዋና ቧንቧ፣ በአዎርታ ቅስት ላይም አሉ። (አንገታችሁን ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ እንዳትጫኑ። ልብ በጣም ሊዘገይና ራስን ሊያስት ይችላል።)

እነዚህ ጫፎች ግፊትን በቀጥታ አይለኩም። የቧንቧው ግድግዳ ምን ያህል እንደተለጠጠ ነው የሚሰማቸው። በተለጠጠ ቁጥር ወደ አንጎል ግንድ ብዙ ምልክት ይልካሉ፤ ትርጉሙም «በቃ፣ ረጋ በሉ» ነው። ይህ ምልክት በደህናው ጊዜም አይቋረጥም፤ ልብንና ቧንቧዎችን በልጓም ይዞ ይኖራል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደም ሲጎድል ባሮሪሴፕተሮቹ የሚጮሁ ይመስለዋል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ግድግዳው ይላላል፣ ምልክቱ ይሳሳል። አንጎልን የሚያነቃው ዝምታቸው ነው፤ ልጓሙ ይለቀቃል።

2. በራሳችሁ ላይ ሞክሩት

ይህን የምታዩት ጤነኛ ከሆናችሁ ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ ተኙ። የእጅ አንጓችሁ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል፣ ሁለት ጣት አሳርፋችሁ ለ30 ሰከንድ ቁጠሩና በ2 አባዙት። ከዚያ ተነሥታችሁ ቁሙ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደገና ቁጠሩ። አብዛኛው ሰው ላይ ምቱ በ10 ወይም በ20 ገደማ ይጨምራል።

ምን ሆነ? ስትቆሙ ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ወረደ። ወደ ልብ የሚመለሰው ቀነሰ፣ የአንገቱ ግድግዳ ላላ፣ ልጓሙ ተለቀቀ። በየቀኑ ከአልጋ በተነሣችሁ ቁጥር ሰውነታችሁ ትንሽ ደም እንደፈሰሰው ሆኖ ይለማመዳል ማለት ነው። ደም በእርግጥ የፈሰሰውን ሰው ግን «እስቲ ቁም» እንዳትሉት። ያለችውን ደም ከአንጎሉ ትወስዱበታላችሁ።

3. ልጓሙ ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን በቅደም ተከተል አስቡ

የመጀመሪያው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ልብን የሚያዘገየው እሱ ነው። እሱ ሲላላ ልብ በአንድና በሁለት ምት ውስጥ ይፈጥናል። ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል ጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ይደርሳል፣ ግን ሥራው ብዙ ነው። ልብን ያበረታል። የቆዳን፣ የአንጀትንና የኩላሊትን ትንንሽ ደም ቅዳዎች ያጠባል። አንጎልንና ልብን ግን ያን ያህል አይነካም። ደሙ ለሚያስፈልገው ቦታ ይቆጠባል።

ከሁሉም የማደንቀው ግን ብዙ ጊዜ የማይወራለትን ክፍል ነው፤ ደም መልሶችን። ከሰውነታችን ደም ሁለት ሦስተኛው ገደማ በማንኛውም ሰዓት የሚገኘው በእነዚህ ልል ቧንቧዎች ውስጥ ነው። ሲምፓቴቲክ ሲጨምቃቸው የተቀመጠው ደም ወደ ልብ ይገፋል። ልብ ቢፈጥንም የሚረጨው ነገር ካልመጣለት ዋጋ የለውም፤ የሚያመጡለት ደም መልሶች ናቸው።

4. አሁን ቁጥሮቹን አንብቡ

እንደ ምሳሌ 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ወጣት እንውሰድ። መስታወት ጭኑን ቆርጦታል። በአንድ ኪሎ ክብደት 70 ሚሊ ሊትር ደም ብለን ብናሰላ 4200 ሚሊ ሊትር አለው። ከመቁሰሉ በፊት ምቱ 72፣ ግፊቱ 118/76 ነበር እንበል። 900 ሚሊ ሊትር ፈሰሰው፤ ከደሙ 21 በመቶ ገደማ። አሁን ምቱ 112፣ ግፊቱ 108/84 ሆኗል።

ላይኛውን ብቻ ያየ ሰው «108 ነው፣ ደህና ነው» ይላል። ግን ሦስት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት። ከ42 ወደ 24 ወርዷል። ላይኛው የወረደው ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ስላነሰ ነው። ታችኛው የወጣው ቧንቧዎቹ ስለጠበቡ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። ልዩነቱ ከላይኛው ግፊት ከሩብ በታች ሲሆን ብዙ ደም እንደጎደለ ጠርጥሩ። የኛ ሰው 24 ነው፤ የ108 ሩብ 27 ነው። አልፎታል።

ሁለተኛ፣ አማካይ ግፊቱን። በግርድፉ የሚሰላው እንዲህ ነው፦

```
አማካይ = ታችኛው + (ላይኛው − ታችኛው) ÷ 3
በፊት፦ 76 + 42 ÷ 3 = 90
አሁን፦ 84 + 24 ÷ 3 = 92
```

አንድ አምስተኛ ደሙን ያጣ ሰው አማካይ ግፊቱ ምንም አልወረደም። ሰውነቱ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፣ እኛንም ሸውዶናል።

ሦስተኛ፣ ምቱን ለላይኛው ግፊት አካፍሉ። በፊት 72 ለ118 ነበር፤ 0.6 ገደማ። አሁን 112 ለ108፤ ከ1 አለፈ። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ በ0.5 እና በ0.7 መካከል ነው። ወደ 1 ሲጠጋ ሰዓት አታባክኑ።

መለኪያ ከሌላችሁም ቆዳው ይናገራል። እጁ ቀዝቅዞ ላብ ካለው፣ ሲምፓቴቲክ የቆዳውን ቧንቧ አጥብቆ የላብ ዕጢዎቹን እያሠራ ነው። ጥፍሩን ተጫኑና ልቀቁት፤ ነጭ ሆኖ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከቆየ ደሙ ወደዚያ እየደረሰ አይደለም። ብርድ ሲሆን ግን ይህ ምልክት በጤነኛ ሰውም ላይ ይዘገያልና ብቻውን አትመኑት።

5. በየአምስት ደቂቃው ድገሙት፣ ጻፉት

አንድ ንባብ ብዙ አይነግርም፤ አካሄዱ ነው የሚናገረው። የልጁ ቁስል በደንብ ሳይያዝ ቀረና ሌላ 500 ሚሊ ሊትር ፈሰሰው እንበል። አጠቃላዩ 1400 ሆነ፤ ከደሙ አንድ ሦስተኛ። አሁን ምቱ 132፣ ግፊቱ 82/60 ሊሆን ይችላል። ይቁነጠነጣል፣ የጠየቃችሁትን መልሶ ይጠይቃል። ብዙዎች ድንጋጤ ነው ብለው ያልፉታል፤ አንጎሉ ግን ደም እያነሰው ነው።

እዚህ ላይ የአንገቱ ጠባቂዎች ወደ ሥራቸው ድንበር ደርሰዋል። አማካይ ግፊቱ ወደ 60 ሲወርድ ዝም ይላሉ። ከዚያ በታች ቢወርድ የሚጨምሩት ነገር የለም። ኦክስጅን የሚለኩ ሌሎች ተቀባዮች፣ በመጨረሻም ራሱ የተራበው አንጎል ይረከባሉ፤ ይህ ግን ብዙ አያስኬድም። አንዳንዴ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ምቱ ፈጣን ሆኖ ቆይቶ ድንገት ይዘገያል። ቆዳው እንደቀዘቀዘ፣ ግፊቱም እንደወረደ ከሆነ «እፎይ፣ ተሻለው» አትበሉ። መጥፎ ምልክት ነው።

6. ምልክቱ የሚዋሽባቸውን ሰዎች ለዩ

ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የሚወስድ ሰው ልቡ እንደሚገባው አይፈጥንም፤ መድኃኒቱ የሲምፓቴቲክን ትእዛዝ ልቡ ላይ ይዘጋዋል። ምቱ 80 ሆኖ ብዙ ደም የጎደለው ሊሆን ይችላል። ደም ግፊት ኖሮበት የቆየ ሰው ደግሞ ጠባቂዎቹ ከፍ ካለው ግፊት ጋር ተላምደዋል። ሁሌ 170 የሆነ ሰው ላይ 115 ዝቅተኛ ነው፤ ወረቀት ላይ ቢያምርም። ሕፃናት ግፊታቸውን እስከ መጨረሻው ይዘው ይቆዩና እንደ ገደል ይወርዳሉ። ነፍሰ ጡር ሴት የደሟ መጠን ስለጨመረ ምልክቱ ዘግይቶ ይታያል።

7. የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ብዙ አትመኑት

ወደ ምሳሌያችን እንመለስና፣ ደሙ 900 ላይ በደንብ ተይዞ ቆመ እንበል። ሆስፒታል እንደደረሰ ሄሞግሎቢኑ ቢለካ 14 ሊሆን ይችላል፣ ልክ እንደ ትናንቱ። የፈሰሰው ሙሉ ደም ነው፤ ቀዩም ውሃውም አብሮ ወጥቷል፣ የቀረው አልቀጠነም። መቅጠን የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው። በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ስለቀነሰ በዙሪያቸው ካለው ሥጋ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ኩላሊት በሆርሞን ታዝዞ ጨውና ውሃ ይቆጥባል፤ ሽንቱ ያንሳል፣ ይጠቁራል፣ ውሃ ይጠማዋል። በማግስቱ ሄሞግሎቢኑ ወደ 11 ቢወርድ ቤተሰቡ ይደነግጣል፣ «ሌሊቱን ደግሞ ደማ እንዴ?» ይላል። ምቱ ከረገበ፣ የሁለቱ ግፊቶች ልዩነት ከሰፋና እጁ ከሞቀ ግን አዲስ ደም መፍሰሱ የማይመስል ነገር ነው። ትናንት የጎደለው ዛሬ በወረቀት ላይ ታየ።