የተላከው ብር የትኛውን ደረሰኝ እንደዘጋ የሚናገር የክፍያ ማሳወቂያ ኢሜይል አጻጻፍ

ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ለእንግዶቹ ሲዘጋጅ ከከተማው የጽዳት እቃ አከፋፋይ ሦስት ጊዜ በዱቤ ገዛ እንበል። ደረሰኞቹ ቫትን ጨምሮ 46,000፣ 28,750 እና 69,000 ብር ናቸው። ከሁለተኛው ደረሰኝ የ2,300 ብር ሳሙና ፈሶ ስለመጣ ተመልሷል፣ አከፋፋዩም ክሬዲት ኖት ቆርጦለታል። ከሦስተኛው ደግሞ የ13,800 ብር እቃ ገና አልደረሰም። ሆቴሉ የደረሰውን ብቻ ከፍሎ ዊዝሆልዲንግ ሲቀንስ 124,320 ብር በባንክ ይልካል።

ይህ ቁጥር ብቻውን ከአከፋፋዩ ደረሰኞች ከአንዱም ጋር አይገጥምም። ዝርዝር ያልደረሰው ሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ከአሮጌው ደረሰኝ ጀምሮ ይዘጋል። 46,000ውን ይዘጋል፣ 28,750ውን ይዘጋል፣ የተረፈውን 49,570 ብር በሦስተኛው ላይ ይመዘግብና 19,430 ብር ዕዳ ያሳያል። ትክክለኛው ቀሪ ግን 13,800 ነው። ልዩነቱ 5,630 ብር ሲሆን ይህም የዊዝሆልዲንጉ 3,330 እና የክሬዲት ኖቱ 2,300 ድምር ነው። ኢሜይሉ ማሳየት ያለበት እነዚህን ሁለት ቅናሾች በየቦታቸው ነው።

መጀመሪያ ባንኩ ዝውውሩን መፈጸሙን ያረጋግጡና የዝውውር ቁጥሩን ይያዙ። በንግድ ባንክ ከሆነ በ FT የሚጀምረው ነው። ከስክሪን ኮፒ ያድርጉት እንጂ እያዩ አይጻፉት፤ ዜሮና ኦ የሚምታቱት እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የደረሰኝ ቁጥሮቹን ያሰባስቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን በሚወጣ ወረቀት ላይ FS No. የሚል ቁጥር አለ። ከሱ ጋር የሚያያዘው ሰፊው የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ደግሞ የራሱ ተራ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ሆቴሉ በአንዱ፣ አከፋፋዩ በሌላው መዝግበው ከሆነ ኢሜይሉ ቢደርስም የሚፈለገው ደረሰኝ አይገኝም። አከፋፋዩ በየትኛው ቁጥር እንደሚመዘግብ አንድ ጊዜ ደውለው ይጠይቁና ሁልጊዜ በዚያ ይጻፉ። አከፋፋዩ ሁለት ሱቅ ካለው ደግሞ የየማሽኑ FS No. ለብቻው ስለሚቆጠር አንድ ዓይነት ቁጥር ሁለት ቦታ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ MRC የሚለውን የማሽን ቁጥርም አብረው ያስፍሩ።

ዝርዝሩን በኤክሴል የሚያዘጋጁ ከሆነ 00004127 ብለው የጻፉት 4127 ሆኖ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ፊት ያሉትን ዜሮዎች ይጥላቸዋል። ቁጥሩን ከመጻፍዎ በፊት የአምዱን ዓይነት ወደ Text ይለውጡ። ከጻፉ በኋላ ቢለውጡት ዜሮዎቹ አይመለሱም።

ቀኑን በደረሰኙ ላይ እንደታተመ ከነዓመተ ምሕረቱ ይገልብጡ። ማሽኑ 12/01/2026 ብሎ ያተመውን ቀን እርስዎ 04/05 ብለው ወደ ጥር 4 ቢመልሱት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የለመደ ሰው ግንቦት ወር ውስጥ ይፈልገዋል። ዓመቱ ሲኖር የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

አሁን ስሌቱ። ዊዝሆልዲንግ የሚታሰበው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። በዚህ ምሳሌ 3 በመቶ ተይዟል፤ እርስዎ በቆረጡት የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ላይ ያለውን ይጠቀሙ። የመጀመሪያው ደረሰኝ 40,000 ዋጋና 6,000 ቫት ስለሆነ የሚያዘው 1,200 ብር ነው። ከ46,000 ላይ ያሰላ ሰው 1,380 ያገኝና የ180 ብር ጭቅጭቅ ይገዛል።

ክሬዲት ኖቱን ከሁለተኛው ደረሰኝ ላይ ቀንሶ አንድ መስመር ማድረግ ያጓጓል። አያድርጉት። አከፋፋዩ መዝገብ ላይ ሁለት ወረቀት ስላለ በኢሜይሉም ሁለት መስመር ይሁን፣ የክሬዲት ኖቱ መስመር በመቀነስ ምልክት ይጻፍ። የተመለሰው ዕቃ ከቫት በፊት 2,000 ብር ስለነበር ዊዝሆልዲንጉም በ60 ብር ይቀንሳል። በከፊል የተከፈለው ሦስተኛ ደረሰኝ ላይ ደግሞ የሚሰላው አሁን በሚከፈለው ክፍል ብቻ፣ ማለትም በ48,000 ላይ ነው።

ሲጠናቀቅ ይህን ይመስላል፦

ርዕስ፦ የክፍያ ማሳወቂያ፣ ብር 124,320.00፣ 3 ደረሰኝ እና 1 ክሬዲት ኖት

ጤና ይስጥልን። ዛሬ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም. በንግድ ባንክ ሂሳባችሁ ብር 124,320.00 አስገብተናል። የዝውውር ቁጥሩ FT… ነው። ክፍያው የሚሸፍነው ቀጥሎ ያለውን ነው።

FS No. 00004127፣ 12/01/2026፦ ጠቅላላ 46,000.00፣ ዊዝሆልዲንግ 1,200.00፣ የተላከ 44,800.00። ተዘግቷል።

FS No. 00004163፣ 20/01/2026፦ ጠቅላላ 28,750.00፣ ዊዝሆልዲንግ 750.00፣ የተላከ 28,000.00። ተዘግቷል።

ክሬዲት ኖት 0031፣ በ00004163 ላይ፦ ጠቅላላ -2,300.00፣ ዊዝሆልዲንግ -60.00፣ የተላከ -2,240.00።

FS No. 00004202፣ 28/01/2026፦ ጠቅላላ 69,000.00፣ አሁን የሚከፈል 55,200.00፣ ዊዝሆልዲንግ 1,440.00፣ የተላከ 53,760.00። ላልደረሱ እቃዎች ቀሪ 13,800.00።

ድምር፦ የተቀነሰ ዕዳ 127,650.00፣ ዊዝሆልዲንግ 3,330.00፣ የተላከ 124,320.00።

የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ቅጂ ተያይዟል፤ ዋናውን ከሆቴሉ ሂሳብ ክፍል መውሰድ ትችላላችሁ። የ00004202 ቀሪ በእናንተም መዝገብ 13,800.00 መሆኑን እባካችሁ አረጋግጡልን።

ሰንጠረዥ ለምን አልተጠቀምንም? አከፋፋዮች ኢሜይል የሚከፍቱት ብዙ ጊዜ በስልክ ነው። ስድስት አምድ ያለው ሰንጠረዥ በጠባብ ስክሪን ላይ ተጨማድዶ የአንዱ ቁጥር ከሌላው ደረሰኝ ሥር ይወድቃል። የኤክሴሉን ፋይል ማያያዝ ጥሩ ነው፣ ግን ዋናው ዝርዝር በኢሜይሉ ውስጥ ይሁን። የስክሪን ፎቶ ግን አይላኩ፤ ከፎቶ ላይ ቁጥር ኮፒ አድርጎ መዝገብ ውስጥ መፈለግ አይመችም።

«ተዘግቷል» እና «ቀሪ» የሚሉት ቃላት አይቅሩ። እነሱ ከሌሉ አንባቢው 44,800ን ከ46,000 ጋር ሲያስተያይ የ1,200 ብር ዕዳ የቀረ ይመስለዋል።

ከመላክዎ በፊት የ«የተላከ» አምዱ ከባንኩ ገንዘብ ጋር መግጠሙን ይፈትሹ። አራቱ መስመሮች ከ E2 እስከ E5 ካሉ፦

```
=SUM(E2:E5)-124320
```

ውጤቱ 0 ካልሆነ ኢሜይሉ አይሄድም። 4,480 ከመጣ የክሬዲት ኖቱ መቀነስ ምልክት ተረስቷል፤ የ2,240 እጥፍ ነውና። የባንክ አገልግሎት ክፍያ ከዚህ ስሌት ውጭ ነው፤ የሆቴሉ ወጪ እንጂ የአከፋፋዩ ቅናሽ አይደለም።

ከላኩ በኋላ ስህተት ካገኙ በዚያው ኢሜይል ላይ መልስ ብለው «ማስተካከያ» በሚል ርዕስ ሙሉውን ዝርዝር እንደገና ይጻፉ፣ የቀድሞው መሻሩንም በመጀመሪያው መስመር ያስፍሩ። አንዷን የተሳሳተች ቁጥር ብቻ አርሞ መላክ አከፋፋዩን ሁለት ኢሜይል እያነጻጸረ እንዲመዘግብ ያስገድደዋል፣ ሲመዘግብም አንደኛውን ብቻ ሊያይ ይችላል።