ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ አሜሪካ ሥራ መፈለግ፦ ከድሬ ይዘውት ለሄዱት ልምድ

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ማስረጃ እተረጉማለሁ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት፣ የሥራ ልምድ፣ የመጣውን ሁሉ። ወደ አሜሪካ ከሚሄዱት ደንበኞቼ ብዙዎቹ በልጆቻቸው ፕሮሰስ የሚሄዱ አባቶችና እናቶች ናቸው። እዚያ ደርሰው ጥቂት ወር ሲቆዩ ደውለው የሚነግሩኝ ይመሳሰላል። «ያላመለከትኩበት ቦታ የለም፣ አንድም የደወለልኝ ሰው የለም። ሽማግሌ ነው ብለው ነው መሰለኝ።»

እውነት ነው፣ ዕድሜ አይቶ ወደ ጎን የሚል ቀጣሪ አለ። ግን ብዙ ጊዜ ሰውየውን ገና ሳያዩት፣ ወረቀቱ ራሱ ከዕድሜው በላይ አስረጅቶት ይገኛል። ይህ በእጃችን ያለ ነገር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

አንድ የማውቃቸውን ሰው ጉዳይ ልንገራችሁ። ስማቸውን ትቼ ጋሼ እላቸዋለሁ። በባቡሩ ዎርክሾፕ የናፍጣ ሞተር መካኒክ ነበሩ። ከዚያ ወጥተው ሳቢያን የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በ60 ዓመታቸው ልጃቸው ዘንድ ሚኒያፖሊስ ሄዱ። ሬዙሜያቸውን የሠራላቸው የሰፈር ልጅ ከማስረጃው ላይ እንዳለ ገልብጦ ነው። ዎርክሾፕ፣ ከ1979 እስከ 1998። ጋራዥ፣ ከ1998 እስከ 2017።

እነዚህ ቁጥሮች በኛ አቆጣጠር ልክ ናቸው። አሜሪካዊው ግን በራሱ አቆጣጠር ነው የሚያነባቸው። በ22 ዓመታቸው ሥራ የጀመሩትን ሰው በ1979 እንደጀመሩ ሲያይ፣ የ68 ዓመት ሰው ናቸው ብሎ ያሰላል። 8 ዓመት በነፃ ተጨመረባቸው። የከፋው ደግሞ መጨረሻው ነው። ጋራዡን የዘጉት አሜሪካ ከመሄዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ሆኖ ሳለ፣ ወረቀቱ ከ2017 ወዲህ ሥራ ፈተው እንደተቀመጡ ያሳያል። አዛውንት፣ በዚያ ላይ 7 ዓመት ከሥራ የራቁ። እንዲህ ያለውን ሬዙሜ ማንም አይደውልለትም።

አቀያየሩ ከባድ አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለ ቀን 7 ዓመት ይጨምሩ። ከዚያ እስከ ጳጉሜን ላለው ደግሞ 8። የጋሼ መጋቢት 1979 ማርች 1987 ይሆናል። ሐምሌ 1998 ጁላይ 2006 ነው። ጥቅምት 2017 ደግሞ ኦክቶበር 2024። ሰው የሚሳሳተው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው፤ ሁሉም ላይ 8 ይደምርና አንድ ዓመት አሳልፎ ይጽፋል። ወሩን የማያውቁት ከሆነ ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን ይዩ፣ ወይም እኛ ዘንድ ያለ ሰው መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ከፋይሉ ያጣራልዎት። ሬዙሜው፣ የተተረጎመው ማስረጃና ኦንላይን የሚሞሉት ማመልከቻ አንድ ዓይነት ቀን መያዝ አለባቸው። አንዳንድ ቀጣሪ አጣሪ ድርጅት ቀጥሮ ያመሳክራል። ቀኑ ካልገጠመ ዋሽቷል ነው የሚባለው፤ ስለ ጳጉሜን የሚጠይቅዎት የለም።

ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ ምን ያህሉን ማሳየት ይሻላል? እዚያ የተለመደው የቅርቡን 10 ወይም 15 ዓመት በዝርዝር መጻፍ ነው። ጋሼ ጋራዡን ከ2006 እስከ 2024 ብለው በዝርዝር ጻፉ። የባቡሩን ግን እንዲያወጡት አልመከርኳቸውም፤ ከሁሉም የሚያኮራው እሱ ነው። ታች ላይ «ቀደም ያለ የሥራ ልምድ» በሚል ርዕስ፣ ያለ ዓመተ ምሕረት፣ በሁለት መስመር ገባ። መግቢያው ላይ የነበረውን «የ37 ዓመት ልምድ ያለኝ» የሚለውንም «ከ15 ዓመት በላይ» ብለን ቀየርነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ሬዙሜ የሕይወት ታሪክ አይደለምና። ፎቶ፣ የልደት ቀን፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት አይጻፍም። ትምህርት ያለቀበትን ዓመትም መተው ይቻላል። የማመልከቻው ፎርም ግን በግድ የሚጠይቅ ከሆነ እውነተኛውን ይሙሉ፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ እውነት ነው ብለው ይፈርሙበታል።

አሁን ወደ ዋናው። የኛ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ። «በመካኒክነት የሥራ መደብ፣ በወር ይህን ያህል ብር ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ በቅንነትና በታታሪነት አገልግለዋል። ከደመወዛቸውም ተገቢው የሥራ ግብር ተቀናሽ ሆኖ ለመንግሥት ገቢ ተደርጓል።» ማኅተም፣ ፊርማ፣ አለቀ። ሰውየው ምን እንደሚችል አንድ ቃል የለበትም። ይህን ተርጉሞ መላክ ይህን ያህል ዓመት ግብር ከፍያለሁ ከማለት አያልፍም።

ስለዚህ ጋሼን በስልክ ጥያቄ በጥያቄ አደረግኳቸው። በሳምንት ስንት መኪና ይገባ ነበር? ምን ዓይነት? ከስርዎ ስንት ሰው ነበር? መለዋወጫ ሲጠፋ ምን ያደርጉ ነበር? በመጀመሪያ መልሳቸው «እንግዲህ እንሠራ ነበር» የሚል ነበር። ትንሽ ሲቆዩ ግን ወሬው መጣ። በሳምንት ከ6 እስከ 8 አይሱዙና ሚኒባስ። ፖምፓ፣ ፍሬን፣ ማርሽ። 4 ወጣቶች አሠልጥነው፣ ሁለቱ ዛሬ የራሳቸው ጋራዥ አላቸው። ከውጭ የማይገባ ቡሽ ሲያልቅ፣ ለክተው፣ ቶርኖ ቤት አስቀርጸው ይገጥሙ ነበር።

ሬዙሜው ላይ የገባው ይኸው ነው። «በሳምንት ከ6 እስከ 8 የናፍጣ ተሽከርካሪዎችን መርምሬ ጠግኛለሁ። 4 ረዳቶችን አሠልጥኜ መርቻለሁ። በገበያ ላይ የጠፉ መለዋወጫዎችን በልኬት አሠርቼ ተሽከርካሪዎችን ወደ ሥራ መልሻለሁ።» ዕድሜ አልተጠቀሰም። ግን የ25 ዓመት ልጅ እንዲህ ብሎ ሊጽፍ አይችልም። ረጅም ልምድ የሚታየው በዓመት ቁጥር ሳይሆን በዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ የድሬ ሰው ሁልጊዜ ይረሳዋል። ጋሼ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይናገራሉ። ለእኛ ይህ ከፊራ ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ ችሎታ አይመስለንም። ሚኒሶታ ግን የሶማሌና የኦሮሞ ማኅበረሰብ በብዛት የሚኖርበት ስቴት ነው። ብዙ ሾፌሮቹ እነሱ በሆኑበት ድርጅት፣ ሾፌሩ የመኪናውን ችግር በራሱ ቋንቋ የሚነግረው መካኒክ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ቋንቋዎቹን ላይኛው ክፍል ላይ ይጻፏቸው፣ ታች ጥግ ላይ አይደብቋቸው።

ችሎታን ስለማደስ ሰው ብዙ ያስባል፤ ኮሌጅ ልግባ፣ ሁለት ዓመት ልማር ይላል። በ60 ዓመት የሚያዋጣው ጎዶሎውን ለይቶ እሱን ብቻ መሙላት ነው። ጋሼ የናፍጣ ሞተርና ፍሬን ያውቃሉ። የሚጎድላቸው ኮምፒውተር ሰክቶ ብልሽት ማንበብ፣ የጭስ ማጣሪያው ሥርዓትና የዚያ አገር ብርድ ነው። ድሬ ላይ የሞተር ችግር ሙቀት ነው፤ ሚኒሶታ ናፍጣው ራሱ በብርድ ይረጋል፣ ሞተሩንም በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያሳድሩታል።

ሁለት ነገር አደረጉ። መጀመሪያ መንግሥት ወደሚያግዘው የሥራ ማዕከል ሄዱ። አሜሪካን ጆብ ሴንተር ይባላል፤ ሚኒሶታ ውስጥ ካሪየርፎርስ ነው ስሙ። አገልግሎቱ በነፃ ነው። ቅርብዎ ያለውን careeronestop.org ላይ ማግኘት ይቻላል። ሬዙሜ ያዩልዎታል፣ የኮምፒውተር ትምህርት ያመላክቱዎታል፣ መስፈርቱን ካሟሉ የሥልጠና ክፍያ የሚሸፈንበትም መንገድ አለ። ዕድሜዎ 55 ከሞላና ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ለትልልቅ ሰዎች ብቻ የተዘጋጀ፣ እየተከፈለ በትርፍ ሰዓት የሚሠለጠንበት ፕሮግራም በአካባቢው እየሠራ እንደሆነም ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ለመካኒኮች የሚሰጠውን የኤኤስኢ ፈተና ማጥናት ጀመሩ። ለከባድ ተሽከርካሪ ፈተናው በየክፍሉ ነው። ጋሼ የጀመሩት በፍሬኑ ነው፣ T4 በሚባለው። ባቡሩም ትልቁ መኪናም የሚቆሙት በታመቀ አየር ስለሆነ ኮምፕረሰርና ቫልቭ አዲስ አልሆነባቸውም። የከበዳቸው የእንግሊዝኛ ስሙ ነው፤ እኛ ኩሽኔታ የምንለውን እነሱ ቤሪንግ ይሉታል። አዲስ ነገር ከመማር ይልቅ የሚያውቁትን ነገር ስም መማር ነው የሆነው፣ እሱ ደግሞ በፍጥነት ይሄዳል። የምስክር ወረቀቱ 5 ዓመት ያገለግላል፣ ቀኑም ትኩስ ነው። የድሮ ልምድ አጠገብ የዘንድሮ ወረቀት ሲቀመጥ ‹ሰውየው ወደኋላ ቀርቷል› የሚለው ጥርጣሬ ይረግባል።

ማወቅ ያለብዎ ሌላም አለ። እዚያ ብዙ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ መፍቻውን በራሱ ገንዘብ ነው የሚገዛው። ከመስማማትዎ በፊት ይጠይቁ።

ኢንተርቪው ላይ ጠያቂው የልጅዎ እኩያ ሊሆን ይችላል። በስምዎ ይጠራዎታል፣ አንቱ የለም። ንቀት እንዳይመስልዎት፣ ከሁሉም ጋር እንደዚያው ነው። እሱ በሆዱ የያዛቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ከእኔ ከወጣቱ ትእዛዝ ይቀበላሉ? አዲስ ነገር ይማራሉ? ትንሽ ቆይተው ይሄዳሉ? ሳይጠይቅዎት ይመልሱለት። ጋሼ የተለማመዱት እንዲህ ነበር፦ «ጋራዤ ውስጥ አዲሶቹን መኪኖች ያስተማረኝ የ24 ዓመት ልጅ ነው። አሁን ለፍሬን ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። የምፈልገው ለዓመታት የምቆይበት ቦታ ነው።» ሲናገሩም «እኛ ሠራን» አይበሉ። እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን ሥራውን ሌላ ሰው ሠርቶታል ማለት ይመስላቸዋል። «እኔ» ይበሉ።

ሕጉን በተመለከተ። በእነሱ አቆጣጠር ከ1967 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ ዕድሜያቸው 40 የሞላና ከዚያ በላይ የሆኑትን ይጠብቃል፣ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው ቀጣሪዎች ዘንድ። የስቴት ሕግ ከዚህም ሊሰፋ ይችላል። ዕድሜ መጠየቅ በራሱ በፌዴራል ሕግ ክልክል አይደለም፤ በዕድሜ ምክንያት አለመቅጠር ግን ክልክል ነው። ከተቀጠሩ በኋላ የመሥራት ፈቃድዎን ለማረጋገጥ በሚሞላው አይ-9 ፎርም ላይ የልደት ቀን ይጠየቃል፣ እሱ የተለመደ ስለሆነ አይደንግጡ። «ወጣት ነው የምንፈልገው» የሚል ነገር በጽሑፍ ካዩ ወይም በግልጽ ከተነገረዎት ቀኑን፣ የተናገረውን ሰውና ቃሉን ወዲያው ይጻፉ፣ ማስታወቂያውንም ፎቶ ያንሱ። አቤቱታው የሚቀርበው ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን፣ eeoc.gov ላይ ነው። ጊዜው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው፤ በዕድሜ ማዳላትን የሚከለክል ሕግና የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ባለበት ስቴት 300 ቀን ይደርሳል። የሚቆጠረው እንግዲህ በእነሱ ካላንደር ነው።