የዋጋ ገጻችሁ ላይ የማይጨምረውንም ጻፉ

አነስተኛ የዲዛይን ስቱዲዮ ያላችሁ፣ ጥቅሎቻችሁን «ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ» ብላችሁ አትሰይሙ። ደንበኛው ምን እንደሚያገኝ አያውቅም። «ሎጎ ብቻ»፣ «ሎጎና ቢዝነስ ካርድ» ብትሉት ግን ወዲያው የሚፈልገውን ይለያል።

ከሁሉ በላይ ከዋጋው ሥር የማይጨምረውን ጻፉ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ለምሳሌ «ሎጎ ብቻ» ሥር እንዲህ በሉ፦ «3 አማራጭ ንድፍ፣ 2 ዙር ማስተካከያ። የኅትመት ወጪን አይጨምርም። ከ2 ዙር በላይ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር 1,500 ብር።» አንድ ዙር ምን ማለት እንደሆነም ግለጹ፦ ደንበኛው አስተያየቱን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ሲልክ ነው። አለበለዚያ በቴሌግራም በየሰዓቱ የሚመጣው «ቀለሙን ብቻ ትንሽ» ማለቂያ የለውም።

የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ደግሞ ዋጋው 15 በመቶውን ይጨምር አይጨምር እዚያው ቁጥሩ አጠገብ አስቀምጡ።