«የስ» ብላችሁ «ኖ» ስትሉ፦ የእንግሊዝኛ ቻት ችግርና መፍትሄ

ማታ ማታ በኦንላይን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ተማሪዎቼ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ደብተር ሳይሆን ስክሪንሾት ነው የሚልኩልኝ። «ቲቸር፣ ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የተቆጣኝ?» ይሉኛል። ከፍቼ ሳየው ብዙውን ጊዜ ያው የማውቀው ብልሽት ነው።

ምልክት፦ «የስ» ብላችሁ መልሳችኋል፤ ሰውዬው የገባው ግን ተቃራኒው ነው

አሜሪካ መጋዘን ውስጥ የምትሠራ ተማሪ አለችኝ። ልጇ ታመመባትና በማግስቱ ሥራ እንደማትገባ ለፈረቃ አለቃዋ ቀድማ ነገረችው። ማታ ላይ አለቃዋ ለማረጋገጥ ብሎ ጻፈላት።

```
You're not coming in tomorrow, are you?
```

እሷ ልጇን ታቅፋ በአንድ እጇ መለሰች።

```
Yes
```

«አዎ፣ አልመጣም» ማለቷ ነው። አለቃዋ ግን «አይ፣ እመጣለሁ» አለችኝ ብሎ ተረዳ። አውራ ጣት ላከላትና ፈረቃው ላይ መልሶ ጻፋት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። የት ነሽ? ቤቴ። እንዴት ቤትሽ? ትናንት እመጣለሁ አላልሽም? ሳትናገር እንደቀረች ተቆጠረባት። ስታለቅስ ነው የደወለችልኝ። ስክሪንሾቱን አየሁት፤ ጥፋቱ ሦስት ፊደል ነው።

መንስኤ

እኛ «ነገ አትመጪም አይደል?» ስንባል «አዎ» የምንለው ጠያቂውን ነው። «ልክ ነህ፣ እንዳልከው ነው» ማለታችን ነው። ከተሳሳተ ደግሞ «አይ፣ እመጣለሁ» ወይም «ኧረ እመጣለሁ» እንለዋለን። ጃፓኖችም እንደኛ ናቸው።

እንግሊዝኛ ግን ስለ ጠያቂው ግድ የለውም። የሚያየው እናንተ የምትሉትን ግስ ብቻ ነው። ግሱ «አዎንታ» ከሆነ «የስ» ነው፤ «አሉታ» ከሆነ «ኖ» ነው። ጥያቄው በምንም ዓይነት መልክ ይምጣ፣ ይህ አይለወጥም። ስለዚህ «የስ፣ አይም ኖት» የሚባል ነገር የለም። «ኖ፣ አይ አም» የሚባልም የለም። ጭንቅላታችሁ ውስጥ እነዚህን ካገኛችሁ ጣሏቸው።

ድሮ እንግሊዝኛም ለአሉታዊ ጥያቄ የተለየ መልስ ነበረው። አራት ቃል ነበሩ፦ «የስ» እና «ኖ» በአሉታ ለተጠየቀ፣ «ዬ» እና «ኔይ» በአዎንታ ለተጠየቀ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ሞር በ1532 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚውን ዊልያም ቲንዴልን «ኖ» እና «ኔይ»ን አምታተሃል ብሎ ወቅሶት ነበር። ኋላ «ዬ» እና «ኔይ» ቀሩና «የስ» እና «ኖ» ብቻ ተረፉ። እኛ ደግሞ ዕዳውን እየከፈልን ነው።

መፍትሄ

ጥያቄው ውስጥ ያለውን አሉታ እንዳላያችሁ እለፉት። ከዚያ እውነቱን ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ነገ እመጣለሁ ወይስ አልመጣም? አልመጣም። እንግዲያው ግሱ አሉታ ነው፤ መልሱ «ኖ» ነው። እንደ «አይም ኖት» ያለውን ጭራም ጨምሩበት።

```
No, I'm not. My son is still sick.
```

የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ይህ ነው።

```
Yes, I am. See you at 6.
```

ጭራ የሌለው «የስ» ወይም «ኖ» ለአሉታዊ ጥያቄ በጭራሽ አትላኩ። በቃል ሲሆን ድምፅና ፊት ያግዛል። ቻት ላይ ፊት የለም። ስልኩ ራሱ ከመልእክቱ ሥር «የስ» እና «ኖ» የሚሉ ቁልፎች ሲያቀርብላችሁ ደግሞ ይብሳል። አትንኳቸው! ፍጥነት ይሰጣሉ፣ ጭራ ግን አይሰጡም። ያቺ መጋዘን የምትሠራው ልጅም እሱን ነው የነካችው።

የግድ የአማርኛውን «አዎ» በቦታው መትከል ካማራችሁ፣ የሚገጥመው ቃል «የስ» ሳይሆን «ራይት» ነው። «ራይት» እንደኛ «አዎ» ጠያቂውን ልክ ነህ ይላል።

```
Right, I'm not coming.
```

ይህ ንጹሕ እንግሊዝኛ ነው። ልማዳችሁ አልለቅ ካለ በዚህ ተጠቀሙ። እሱንም ግን ብቻውን አትላኩት።

ተቀባዩ እናንተ ከሆናችሁስ? «ፋይሉን አልላክኸውም አይደል?» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጠይቃችሁት አገር ልጅ «የስ» ብሎ ከመለሰላችሁ፣ ፋይሉን ልኮ ይሁን ሳይልክ አታውቁም። በአዎንታ መልሳችሁ ጠይቁት፦ ላክኸው ወይ? በአዎንታ ሲጠየቅ ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ።

የዚሁ ብልሽት ዘመድ «ዱ ዩ ማይንድ» ነው። «መስኮቱን ብከፍት ይከፋሃል?» እንደማለት ስለሆነ፣ ፈቃዱ «ኖ» ነው። «ኖ፣ ጎ አሄድ» በሉ። እንግሊዞች ራሳቸው አንዳንዴ «የስ» ብለው ይፈቅዳሉ። እነሱ ይቻላቸዋል፤ እናንተ በ«ኖ» ቆዩ።

ምልክት፦ ሁሉም ዓረፍተ ነገር ጫፍ ላይ «ኢዝንት ኢት» ተለጥፏል

መንስኤው «አይደል» ነው። እኛ ለሁሉም አንድ «አይደል» አለን፤ ለእሱ፣ ለእሷ፣ ለትናንት፣ ለነገ። እንግሊዝኛው ግን ጭራውን ከዓረፍተ ነገሩ ሆድ ነው የሚያወጣው። በፎቶኮፒ የሚዞረውን ረጅም ሠንጠረዥ አትሸምድዱ፤ ግማሹ በታይፕ ስህተት የተሞላ ነው። ይልቅ አንድ ምሳሌ አብረን እንፍታ።

```
Your brother works at the airport, ___?
```

መጀመሪያ እንደ «ኢዝ»፣ «ሃዝ»፣ «ካን» ያለ ረዳት ግስ ፈልጉ። የለም። ረዳት ከሌለ «ዱ» ይገባል፤ ግሱ በ«ኤስ» ስላለቀ «ደዝ» ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ አዎንታ ስለሆነ ጭራው አሉታ ነው፦ «ደዝንት»። ወንድምህ ደግሞ «ሂ» ነው።

```
Your brother works at the airport, doesn't he?
```

ረዳቱ አጥሮ ሲጻፍ ተጠንቀቁ። በሚከተሉት ላይ ያለው ያው አንድ «ኤስ» ነው፤ ዘሩ ግን የተለያየ ነው፦ የመጀመሪያው «ኢዝ»፣ ሁለተኛው «ሃዝ»።

```
She's tired, isn't she?
She's left, hasn't she?
```

ለንደን ውስጥ «ኢኒት» ለሁሉም ሲለጠፍ ትሰማላችሁ። ባሕረ ሰላጤው አገር የምትሠሩ ደግሞ ከሕንዳውያን ባልደረቦቻችሁ «ኢዝንት ኢት» ለሁሉም ትሰማላችሁ። በእነሱ ዘንድ ስህተት አይደለም፤ የእነሱ እንግሊዝኛ ነው። ለሥራ ማመልከቻ ስትጻጻፉ ግን አትዋሱት። ጭራው ከጠፋባችሁ «ራይት?» ብላችሁ ጨርሱ። እሱ እንደ «አይደል» ለሁሉም ይሆናል።

ምልክት፦ «የስ፣ አይ ላይክ»፣ «የስ፣ አይም»

አጭር መልስ ዋናውን ግስ አይደግምም፤ ረዳቱን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ «ዱ ዩ ላይክ ኢት?» ስትባሉ መልሱ «የስ፣ አይ ዱ» ነው። ሁለተኛው ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለተቆረጠ ተሰነካከለ፤ በአዎንታ ስንመልስ አይታጠርም፣ «የስ፣ አይ አም» ነው። በአሉታ ግን ማጠር ይቻላል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

«አይ አም» ብሎ ለጀመረ ጭራው «አርንት አይ» ነው፤ አትከራከሩ፣ እንዲሁ ነው። «ሌትስ» ካለ «ሻል ዊ»። «ኔቨር» እና «ኖባዲ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ውስጡ አሉታ ስለሆነ ጭራው አዎንታ ይሆናል።

```
Nobody called, did they?
```

መልሱም ያው ነው። ማንም ካልደወለ «ኖ» ብላችሁ ጀምሩ።