ቀብር ላይ ያልተገኙለትን የቅርብ ወዳጅ ይቅርታ ሲጠይቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በወሎ ሰው ሲሞት እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ወጥቶ ይቀብራል፤ ስለዚህ የቅርብ ወዳጅ እናት ስትቀበር መቅረት ከብዙ መቅረቶች የከበደ ነው። ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ ክርስቲያን ደሴ ያለው ሙስሊም የልጅነት ጓደኛው እናት ማረፋቸው በጠዋት ተነግሮት፣ መንገዱ በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በታች ሆኖ ሳለ ከሥራው ሳይነሳ ዋለ እንበል። ከዚያም አፍሮ ለቀናት ዝም አለ፤ በመጨረሻም የሚከተለውን ጻፈ።

«ወንድሜ፣ የእናትህን ነገር ስሰማ በጣም አዘንኩ። የዚያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ ሳይመቸኝ ቀረ እንጂ ልቤ ካንተ ጋር ነበር። ቅር ብሎህ ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ። የሥራን ነገር መቼም አንተም ታውቀዋለህ።»

ጸሐፊው ክፉ ሐሳብ የለውም፤ መልእክቱ ግን ሐዘንተኛውን ይበልጥ ያስከፋዋል።

የመጀመሪያው ስህተት ምክንያት መደርደሩ ነው። «ሥራ በዝቶብኝ» የሚለውን ያነበበ ሐዘንተኛ የሚረዳው የእናቱ ቀብር ከአንድ ቀን ሥራ ጋር ተመዝኖ እንደቀለለ ነው። «ሳይመቸኝ ቀረ» ሲባል ደግሞ ጥፋቱ ባለቤት ያጣል፤ ያልመጣው ሰው ሳይሆን አለመመቸቱ የሠራው ነገር ይመስላል። «አልመጣሁም» ብሎ መጻፍ ይከብዳል፤ ሆኖም ይቅርታው የሚጀምረው ከዚያ ነው። በእርግጥ ላኪው ሆስፒታል ተኝቶ ከነበረ ወይም መርዶው ጨርሶ ካልደረሰው ወዳጁ ይህን ማወቅ አለበት፤ እርሱም ከይቅርታው በኋላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል እንጂ ይቅርታውን አይቀድምም። ተነግሮት የቀረ ሰው ግን መስማቱን ራሱ መናገር ይገባዋል፤ መርዶውን የነገረው ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛው «ቅር ብሎህ ከሆነ» የሚለው ነው። ቅሬታው የሚያጠራጥር ይመስል ጥፋቱን ወደ ተበዳዩ ስሜት ያዞረዋል። የቅርብ ወዳጅ በእናቱ ቀብር ላይ ጓደኛውን አጥቶ ቅር አለው ወይስ አላለውም ተብሎ አይጠየቅም።

ሦስተኛው የቀረውን ነገር በስሙ አለመጥራት ነው። «የእናትህን ነገር» ማንም ሩቅ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ልጅ ሆኖ ከእጃቸው የበላ ሰው ያንን ሊጠቅስ ይገባል፤ ወዳጁን የሚነካው ያ አንድ ትዝታ ነው፣ «በጣም» ቢደጋገም ቦታውን አይሞላም።

አራተኛው ምላሽ ማስገደድ ነው፤ ከላይ ያለው መልእክት «አንተም ታውቀዋለህ» ሲል ሐዘንተኛውን ምስክር ያደርገዋል። «በፈጠረህ ይቅር በለኝ» ብሎ መማጸንና ሳይውል ሳያድር ሽማግሌ መላክም እንዲሁ ናቸው፤ ሰውየው ሐዘኑን ሳይጨርስ የሌላውን ጸጸት እንዲያስታምም ያደርጉታል። ቃሉ ሳይቀድም ገንዘብ መላክም መልካም አይደለም።

እነዚህን ትቶ ቢጽፈው መልእክቱ እንዲህ ይሆናል፦

«ወንድሜ፣ አላህ እናታችንን ይርሐማቸው፤ ለአንተም ሰብሩን ይስጥህ። ማረፋቸው በጠዋት ተነግሮኝ ሳለ ቀብር አልመጣሁም፤ ከዚያም ወዲህ አልደወልኩም። ልጅ ሆነን ከእናንተ ቤት ሳልበላ ወጥቼ አላውቅም፤ እሳቸው አፈር ሲለብሱ ከጎንህ መቆም ነበረብኝ፤ አልቆምኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፉ በለኝ። ለዚህ መልስ መጻፍ የለብህም። ቅዳሜ ጠዋት እቤት መጥቼ አባትህንና እህቶችህን እጠይቃለሁ።»

ላኪው ክርስቲያን ቢሆንም ሐዘኑን የገለጸው በወዳጁ ቤት ደንብ ነው፤ ይህ በወሎ እንግዳ አይደለም። ዱዓው ከይቅርታው የቀደመውም ሟቿ ከሁለቱም ጉዳይ ስለሚበልጡ ነው። ዝምታውም ለብቻው ተጠቅሷል፤ ብዙ ሰው መቅረቱን ብቻ ይናዘዝና ከዚያ በኋላ ያለፉትን ቀናት ይዘላቸዋል፤ ወዳጅን ግን ከመቅረቱ ይልቅ ዝምታው ሊያሳዝነው ይችላል። «እክስሃለሁ» የሚል በደፈናው የተሰጠ ተስፋ የለም፤ ቀብር አይካስም። በምትኩ የሚመጣበት ቀን ተቆርጧል፤ ቀኑን ለማክበር እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ባይጽፈው ይሻላል፣ ሁለተኛ መቅረት የመጀመሪያውን ይቅርታ ያፈርሰዋልና።

ቅዳሜ ሲደርስም የመልእክቱን ቃል በለቀስተኛ ፊት መድገም አይገባም። ገብቶ አባትየውን አጽናንቶ ከሰው ጋር መቀመጥ፣ ስለ መቅረቱ ደግሞ ወዳጁ ራሱ ሲያነሳው ብቻ፣ ለብቻቸው ሆነው፣ የጻፈውን ሳይቀንስ መመለስ በቂ ነው።